«ምን ልስጣት?» የሚለውን ባል ታሪክ እንዴት እንጻፈው

ይህን ታሪክ ሳታውቁት አትቀሩም። ባልየው የጋብቻው ዓመት ደርሶበታል። ለሚስቱ የሚሰጣት ጠፍቶታል። ይዞራል፣ ይጠይቃል፣ እንቅልፍ ያጣል። መጨረሻ ላይ ሚስትየው «የእኔ ስጦታ አንተ ነህ» ትለዋለች። ይተቃቀፋሉ። አለቀ።

ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን የጻፍነውን የምናነብ ጥቂት ሰዎች አለን። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህንኑ አጭር ልብወለድ ከአራት ሰው ሰምቻለሁ። አንዱ እኔ ነኝ። አራታችንም የወደቅነው እዚያው ቦታ ላይ ነው። መልሱን ሳናውቅ ጀምረን፣ ከባልየው ጋር አብረን ፍለጋ ወጣን። እሱ ባያውቀው ችግር የለውም። ጸሐፊው ካላወቀው ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ባዶ እጁን ነው። ባዶ እጁን የደረሰ ጸሐፊ ደግሞ ምክር ይሰጣል።

ስለዚህ የምንጽፈው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ከታች ደረጃዎቹን በሁለተኛው ሙከራዬ ላይ እያሳየሁ እሄዳለሁ። ባልየው አስማረ ይባላል፣ ሚስትየው ትርንጎ። ቤታቸው ጎንደር ነው። ጋብቻቸው አሥረኛ ዓመቱን ሊይዝ አራት ቀን ቀርቶታል። ርዝመቱ ወደ 1,800 ቃል ነው። ከዚያ ከበለጠ ባልየው ሰውን ማሰልቸት ይጀምራል።

## ዝግጅት፦ አንድ ቡና ሙሉ ቁጭ በሉ

ከመጻፋችሁ በፊት ደብተር ይዛችሁ ቡና የሚፈላበት ቤት ቁጭ በሉ። ከአቦል እስከ በረካ አትነሱ። የሚወራውን አትጻፉ። እጆች የሚነኩትን ብቻ ጻፉ። ማን ምን አነሳ? በምን ያዘው? የት አስቀመጠው? ማን መጨረሻ ደረሰው?

የመጀመሪያው ሙከራዬ የከሸፈው ይህን ስላላደረግሁ ነው። ስለ ፍቅር ሦስት ገጽ ጽፌ ነበር፤ ገጹ ላይ አንድም ዕቃ አልነበረም። በሁለተኛው ጊዜ እህቴ ቤት ቡና ላይ ቁጭ ብዬ ሃያ መስመር ያህል ጻፍኩ። ከሃያው አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ለራሷ በሻይ ብርጭቆ ቀዳች። ስላቃጠላት በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው።» ታሪኩ እሱ ነው። ያኔ ግን አላወቅሁትም፤ ዝም ብዬ ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ። ልክ እንደ አስማረ።

## ደረጃ 1፦ መልሱን መጀመሪያ ምረጡ

ባልየው መጨረሻ ላይ የሚያገኘውን ነገር አሁኑኑ ወስኑ። በእጅ የሚያዝ ነገር ይሁን። «ጊዜዬን እሰጣታለሁ»፣ «አብሬያት እሆናለሁ» አይሠራም። ሊያዝ የማይችል ነገር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊቀመጥ አይችልም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያልነበረ ነገር መጨረሻ ላይ ቢመጣ ደግሞ አንባቢ ከሰማይ ወረደ ይላል።

ከዚያ ዕቃውን በሁለት ጥያቄ ፈትኑት። አንደኛ፣ የእሷ ነው ወይስ የቤቱ? እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት የተሰነጠቀ ምጣድ ነበር። ለሰው ሳነበው ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ። «ለአሥረኛ ዓመቷ ምጣድ! ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት!» አለችኝ አንዷ። ልክ ነበረች። ምጣድ ቢሰጣት ሥራዋን ነው ያደሰላት። ሁለተኛ፣ ባልየው ከሚቀመጥበት ቦታ ይታያል? እሱ የማይገባበት ጓዳ ውስጥ ያለ ነገር ከሆነ ባያየው አይፈረድበትም። ታሪኩ ደግሞ የሚቆመው እንዲፈረድበት ነው፤ ትንሽ ብቻ።

የአስማረ መልስ አንዲት ስኒ ናት። ቤታቸው ስድስት ስኒ ነበራቸው። አንዷ የትንሹ ልጅ ክርስትና ጊዜ ከእንግዳ እጅ ወድቃ ተሰበረች። ሦስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲበዛ ትርንጎ በሻይ ብርጭቆ ትጠጣለች። አስማረ በየቀኑ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል።

ተጠንቀቁ፦ ስኒዋን የሰበረው ባልየው ራሱ እንዲሆን ትፈተናላችሁ። እኔም አድርጌው ነበር። «ቅዳሜ እገዛልሻለሁ» ብሎ የረሳ አድርጌ ጻፍኩት። ሲነበብ ግን ስኒዋ ዕዳ ሆነች። ዕዳውን ለከፈለ ሰው ማን ያዝንለታል? እንግዳ ይስበራት።

## ደረጃ 2፦ ቀኑን በካሌንደር ላይ ቁረጡ

«አንድ ቀን»፣ «በዓሉ ሲቃረብ» ብላችሁ አትለፉት። ካሌንደር አውጡና ቀን ቁረጡ። እኔ የአስማረንና የትርንጎን ሠርግ እሑድ ጥር 17 ቀን 2007 ዓ.ም. አደረግሁት። አሥረኛው ዓመት ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ቅዳሜ ይውላል። ታሪኩ ከጥር 13 ማክሰኞ ይጀምርና ቅዳሜ ያልቃል።

ይህን ያደረግሁት ለማሳመር አይደለም። ቀኑ ሦስት ሥራ ይሠራልኛል።

ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ቃና ዘገሊላ 12። በእነዚህ ቀናት ጎንደር ሰው በሰው ይሆናል። የአስማረ አጎትና አክስት ለጥምቀት ከደባርቅ መጥተው አልተመለሱም። እንግዳ ስላለ ቡናው ቶሎ ቶሎ ይፈላል። ሰው ስለበዛ ስኒ ያንሳል። ብርጭቆው የሚወጣበት ምክንያት ከካሌንደሩ መጣ ማለት ነው፤ እኔ አላስገደድኩትም።

ሁለተኛው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብን አረጋግጡ። ከእኛ አንዱ ባልና ሚስቱን ዓርብ ማታ ክሬም ኬክ አስቆርሷቸው ነበር። ታሪኩ ጥሩ ነበር፤ አድማጩ ግን ከኬኩ በኋላ ያለውን አልሰማም። «የጾም ነው?» የሚል ጥያቄ ብቻ ቀረ።

ሦስተኛው ገበያ ነው። ቅዳሜ በመሆኑ አስማረ ቅዳሜ ገበያ ሊወርድ ይችላል። ቀኑ ማክሰኞ ቢሆን ኖሮ ስኒዋን ከየት እንደሚያመጣ ሌላ አንቀጽ ያስፈልገኝ ነበር።

## ደረጃ 3፦ ሁለት የተሳሳቱ መልሶች ስጡት

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አምስት ስድስት ስጦታ ይደረድራል። ወርቅ፣ ሽቶ፣ ስልክ፣ ቀሚስ፣ ጉዞ። ዝርዝር ሆነ። ሁለት ይበቃል፤ ግን ሁለቱም ከሥራ ጋር ይምጡ። ባልየው ሲያስብ አታሳዩን። ሲለካ፣ ሲቆጥር፣ ሲጠይቅ፣ ሲሰርዝ አሳዩን። የሰው ጭንቀት የሚታየው እጁ ላይ ነው።

የአስማረ የመጀመሪያ ሐሳብ ቀለበት ነው፤ የሥራ ባልደረባው ለሚስቱ ስለገዛ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ይገባል። ባለሱቁ «ስንት ቁጥር?» ይለዋል። አስማረ «ስንት ካራት» የሚለውን አጥንቶ ነው የመጣው፤ ቁጥሩን አላሰበበትም። ማክሰኞ ሌሊት እንዲህ ሆነ፦

«ክሩን ከልብስ ስፌቱ ቆርቆሮ ውስጥ አወጣ። መብራት አላበራም። የግራ እጇን ቀስ ብሎ ከብርድ ልብሱ አወጣና ክሩን የቀለበት ጣቷ ላይ ጠመጠመ። አንድ ዙር። በጥርሱ ሊቆርጠው ጎንበስ አለ።
"ምን ሆነሃል?" አለች ትርንጎ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።
"ምንም። ክር ነው።"
"የምን ክር?"
"ከብርድ ልብሱ የወጣ።"
"ተወውና ተኛ።"
ጠዋት ክሩን ኪሱ ውስጥ ፈለገው። አጣው።»

እዚህ ላይ «አስማረ በጣም ተጨንቆ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር የለም። ሰው በጨለማ የሚስቱን ጣት በክር ከለካ በኋላ መጨነቁን መናገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሐሳብ ኮረብታው ላይ ካለው ሆቴል እራት ነው፤ ከተማዋ ከሥር የምትታይበት። ይደውላል። እንግዳ ሞልቷል፣ ቦታ የለም ይሉታል። ይህን በአራት መስመር ጨረስኩት። የመጀመሪያው ትዕይንት ረጅም ከሆነ ሁለተኛው አጭር ይሁን። እኩል ካደረጋችኋቸው አንባቢ ሦስተኛውን መጠበቅ ይጀምራል።

የጥበብ ቀሚስም ነበረኝ። ልኬቷን ከእህቷ ይጠይቃል፣ ሸማኔው በአራት ቀን አይደርስም ይለዋል። ቆንጆ ትዕይንት ነበር። አወጣሁት። ለሌላ ታሪክ አስቀምጬዋለሁ።

ከተበላሸ፦ ባልየው ጅል ከመሰለ የተሳሳተው ሐሳቡ በጣም ርቋል ማለት ነው። ቀለበት የሚሰጥ ባል ጅል አይደለም። ሚስቱን ትቶ ባልደረባውን ያየ ባል ነው። ልዩነቱን ጠብቁ።

## ደረጃ 4፦ መልሱን ዓይን ሥር ደብቁ

ከባዱ ይህ ነው። ብርጭቆው ከግኝቱ በፊት ሁለት ጊዜ መታየት አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አንባቢ ይረሳዋል። ሦስት ጊዜ ከሆነ ይነቃል። ሁለቱንም ጊዜ ታይቶ ሊታለፍ ይገባል።

ዘዴው እንዲህ ነው። ዕቃውን የዓረፍተ ነገሩ ጉዳይ አታድርጉት። ሌላ ሥራ በሚሠራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በእጅ እንደተያዘ ዕቃ አስገቡት። የመጀመሪያው ረቂቄ «ትርንጎ ስኒ ስላልበቃ በብርጭቆ ጠጣች» ይል ነበር። ይህ ጥቆማ ነው፤ ምንም አልተደበቀም። የተስተካከለው ይኸው፦

«አቦሉ ተቀዳ። ለአጎቱ፣ ለአክስቱ፣ ለእናቱ፣ ለጎረቤቷ፣ ለአስማረ። ትርንጎ ብርጭቆዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ "ቆሎውን ወደ እማማ ጠጋ አድርገው እንጂ" አለችው። ጠጋ አደረገው። ልቡ ያለው ፒያሳ ነው።»

የአንባቢው ዓይን ቆሎው ጋ ይሄዳል፤ ምክንያቱም የምትናገረው ስለ ቆሎው ነው። ብርጭቆውና ነጠላው ግን ገብተዋል። አምስት ሰው መቁጠሬንም ልብ በሉ። ቁጥሩን አልተናገርኩም፤ ሰዎቹን ጠራሁ። በኋላ የፈለገ ተመልሶ ይቆጥራል።

ሁለተኛው ጊዜ ረቡዕ ነው። ብርጭቆውን አላነሳሁትም። አክስትየው ለትርንጎ፣ «ነጠላሽ ቡና ነክቶታል እኮ» ይሏታል። «ይታጠባል» ትላለች። በቃ። ከብርጭቆው ይልቅ ምልክቱን ብቻ አሳየሁ።

ከተበላሸ፦ ለሰው ስታነቡት ገና ረቡዕ ላይ «ስኒ ይግዛላት!» ካለ፣ ሁለተኛውን መታየት አደብዝዙና ወደ ጠርዙ አርቁት። በተቃራኒው እስከ መጨረሻ ካልገባው፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሆነ እንቅስቃሴ ጨምሩ፤ ለምሳሌ ታስቀምጠውና ታነሳዋለች።

## ደረጃ 5፦ ግኝቱን በአካል አድርጉት

«ድንገት ገባው» የሚለውን ሰርዙ። «ያን ጊዜ ነበር የተረዳው» የሚለውንም። በስልክ ወይም በኮምፒውተር የምትጽፉ ከሆነ «ገባው»፣ «ተረዳ»፣ «ተሰማው» የሚሉትን ፈልጉና አንድ በአንድ አውጧቸው። እኔ ሰባት አገኘሁ። አንድም አልተረፈም።

በምትኩ ባልየውን እሷ ቦታ ላይ አስቀምጡት። የደረሰባት ይድረስበት። በዓርቡ ቡና ላይ አቦሉ ካለቀ በኋላ ከግቢው «ውሃ መጣ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ሰው ይህ ጩኸት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ሁሉም ወደ ጀሪካኑ ነው። ትርንጎ ብድግ ትላለች።

«"እኔ ልሂድ" አለ አስማረ።
"ቁጭ በል። ባለፈው ቱቦውን ለቀህ ግቢውን አጥለቅልቀኸዋል። ይልቅ ቶናውን ቅዳላቸው።"
ጀበናውን አነሳ። ቀዳ። አምስተኛውን ለራሱ ሊያደርግ ሲል፣ "ቤቶች!" አሉ ከደጅ። የአጎቱ የድሮ ወዳጅ ናቸው። አስማረ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ስኒውን አለቅልቆ ቀዳላቸው። ከዚያ ረከቦቱን አየ። ብርጭቆው ብቻ ቀርቷል። እሱ ውስጥ ቀዳ።
ሲያነሳው ለበለበው። መልሶ አስቀመጠው። ደግሞ አነሳው። የእጅጌውን ጫፍ ሳብ አድርጎ ጣቱን ሸፈነ፤ እጅጌው አልደረሰለትም።
"ቆይ ይብረድልህ" አሉት እናቱ።
"እሷ በምንድን ነው የምትይዘው?" አለ።
እናቱ ወደ ግቢው ተመለከቱ። ከውጭ ውሃው ጀሪካን ውስጥ ሲወርድ ይሰማል።»

መጀመሪያ እናትየው «ሦስት ዓመት ሙሉ አላየህም?» ብለው ይመልሱለት ነበር። ጥሩ መልስ ይመስላል። ግን ጥያቄው ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። መልሱን ከሰጣችሁት አንባቢው የሚሠራው ያጣል።

የቱቦውን ነገር የጨመርኩት በኋላ ነው። መጀመሪያ ስታነብልኝ የነበረችው ሴት ወረቀቱን አስቀምጣ፣ «ለምን እሱ ተነስቶ ውሃውን አይቀዳም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ባልየው ሚስቱ ጀሪካን ስትጎትት ቁጭ ብሎ ቡና ከጠጣ ስኒ ገዝቶም አይድንም። ሁለት መስመር ውይይት አዳነኝ። እናንተም ጋ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይኖራል። ራሳችሁ አታገኙትም፤ ለሰው አስነብቡ።

## ደረጃ 6፦ ግዢው ቀላል አይሁን

መልሱ ቀላል ነው ማለት ማግኘቱ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ባልየው ሱቅ ገብቶ፣ ገዝቶ ከወጣ ታሪኩ ይፈሳል። አንድ ትንሽ እንቅፋት አስቀምጡ፤ ከዕቃው ባሕርይ የሚመጣ ይሁን። ስኒ በስድስት ነው የሚሸጠው። ይኸው እንቅፋት።

«"አንድ ስኒ ስንት ነው፣ እናቴ?"
"ስድስቱን ነው የምሸጠው።"
"አንድ ነው የምፈልገው።"
"አንድ ስኒ ምን ይሠራልሃል? ሰው የለህም እንዴ?"
"አምስት አለን።"
ሴትየዋ ጣቷን አጠፈች። "ስንት ናችሁ?"
"ስድስት።"
"ስድስተኛው በምንድን ነው የሚጠጣው ታዲያ?"
አስማረ ዝም አለ። ሴትየዋ ከካርቶኑ ሥር እጇን ሰዳ አንዲት ስኒ አወጣች። አበባዋ ሰማያዊ ነው። የቤቱ ቀይ ነው።
"ጓደኞቿ ተሰብረው ነው። ውሰዳት።"»

ስድስት አዲስ ስኒ ቢገዛስ? አሰብኩበት። ስድስቱን ከገዛ የቤቱን ዕቃ አሟላ ማለት ነው፤ ወደ ምጣዱ ተመለስን። አንዷ፣ ያውም የማትመስለው፣ ስትሆን ግን የማን እንደሆነች ማንም ይለያል።

ዋጋውን አትጻፉ። የዛሬ ዋጋ በሚቀጥለው ዓመት ያስቃል። መጻፍ ካለባችሁ «ዝርዝር ስላልነበራት መልሱን ተወላት» በሉ። ዋጋው ትንሽ እንደሆነ ይገባል።

ክሩንም እዚህ ላይ ልመልሰው ፈልጌ ነበር፤ የጠፋው ክር ከኪሱ ይገኝና ስኒዋ የተጠቀለለችበትን ጋዜጣ ያስርበታል። ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ከረምኩ። ከዚያ ሰረዝኩት። ሁሉም ነገር ሲገጥም ጸሐፊው ይታያል።

## ደረጃ 7፦ መጨረሻው ላይ ስጦታውን አክሽፉት

ሚስትየው ስጦታውን ተቀብላ ካለቀሰች የሱቅ ማስታወቂያ ይሆናል። «ከወርቅ ይበልጥብኛል» ካለች ይብሳል። እንዲያውም ስጦታው ለጥቂት ጊዜ አይሥራ። ልማድ ከስኒ ይበረታል። ትርንጎ ሦስት ዓመት ለእንግዳ ስኒ፣ ለራሷ ብርጭቆ ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት። በአንድ ቀን አትተወውም።

ለዚህ ሰባተኛ ሰው ያስፈልጋል። የቅዳሜው ቡና ላይ ጎረቤቷ ልጇን ይዛ ትመጣለች።

«ጋዜጣውን ፈታችው። ስኒዋን ገልበጥ አድርጋ ሥሯን አየች።
"ምንድን ነው ይሄ?"
"ስኒ።"
"አየሁ እኮ።"
አጠበቻት። ከአምስቱ ጋር ደረደረቻት። ጀበናውን አንስታ ቀዳች፤ ለአጎቱ፣ ለአክስቱ፣ ለእናቱ፣ ለጎረቤቷ፣ ለአስማረ። ሰማያዊዋን ለልጅቷ ሰጠቻት። ከዚያ እንደ ልማዷ ብርጭቆውን ወደ ራሷ ሳበች።
አስማረ ቀድሞ ያዘው። የራሱን ስኒ ወደ እሷ ገፋ።
"ያቃጥላል" አለችው።
"አውቃለሁ።"
ትርንጎ አየችው። የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋችለት።»

እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር፤ «ሳምንቱን ሙሉ የፈለገው መልስ እጁ ላይ ነበር» የሚል። ሳነበው ማንም ምንም አላለኝም፤ ብቻ አንዱ ስልኩን አወጣ።

## ደረጃ 8፦ ዓርብ ላይ አቁማችሁ ጠይቁ

ሲያልቅ ታሪኩን ለማያውቅ አንድ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ግኝቱ ከመጀመሩ በፊት፣ «ውሃ መጣ!» ከሚለው አንድ መስመር ቀድማችሁ አቁሙ። «አንተ ብትሆን ምን ትገዛላታለህ?» በሉት። የሚመልስላችሁን ስጦታ ተዉት። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጠይቃችሁን ነገር ጻፉ። ስለ ብርጭቆው፣ ስለ ነጠላው፣ ወይም ስንት ሰው እንደነበረ ከጠየቀ በደንብ ደብቃችኋል። ስለ ወርቅ ቤቱ ብቻ ካወራ ደረጃ 4ን እንደገና ሥሩት።

ጮክ ብላችሁ ስታነቡ «ነበር» የሚለውንም ታገኙታላችሁ። ዓይን ያልፈዋል፤ ጆሮ አያልፈውም። «ተቀምጦ ነበር»፣ «እያሰበ ነበር»፣ «ይጠጣ ነበር» እየተደራረበ ሲመጣ ታሪኩ ወደ ሪፖርት ይሄዳል። ከሁለት አንዱን «ተቀመጠ»፣ «ጠጣ» አድርጉት።

እኔ የጠየቅሁት አማቼን ነው። ሰውየው ልብወለድ አያነቡም። ዓርብ ላይ አቁሜ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ወርቁን ተወውና፣ ያቺ ሴትዮ ነጠላዋን ቡና ያስነካችው ምን ስታደርግ ነው?» አሉኝ። የረቡዑን ትዕይንት ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።